«ግፊቴ ወርዷል፤ ክኒኑን ልተወው?»

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ተራው የደረሰ የ57 ዓመት ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ለነርሷ ሰጠ። የመለኪያው ጨርቅ ተነፋ፣ ቀስ እያለ ተነፈሰ፣ ቁጥሩም ወጣ፦ 124/78። ነርሷ ካርዱ ላይ ስትጽፍ ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ በራ። ከሰባት ወር በፊት እዚያው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ቁጥሩ 168/102 ነበር።

«ተመስገን! እንግዲህ ድኛለሁ ማለት ነው። ክኒኑን ላቁመው?»

«ጋሼ፣ ግፊትዎ ወረደ እንጂ አልዳነም» አለችው፤ የሚቀጥለውን ወር መድኃኒትም ጻፈችለት።

ሰውየው ማዘዣውን ተቀበለ፤ ፋርማሲ ግን አልሄደም። ቤቱ የቀሩት አራት ፍሬዎች ሲያልቁ ሌላ አልገዛም። የዚህ ሰው ታሪክ የአንድ ግለሰብ አይደለም፤ በየጤና ተቋሙ የደም ግፊት ክትትል ክፍል እየተደጋገመ የሚታየው ታሪክ እዚህ በአንድ ሰው ተነግሯል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሚሆነው ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ ቀን በቀን ቢታይ ይጠቅማል።

ሰውየው የሚወስደው አምሎዲፒን ነው፤ በኢትዮጵያ ለደም ግፊት በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ። በ5 ሚሊግራም ጀመረ። በወሩ ሲለካ 148/92 ስለነበር መጠኑ ወደ 10 ተደረገለት። በሚቀጥለው ወር 132/84 ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ደግሞ ረጋ ብሎ 120ዎቹ ውስጥ ቆየ። መድኃኒቱ የሚገባውን ሠራ ማለት ነው።

አምሎዲፒን ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ደም ውስጥ ካለው መጠን ግማሹ ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል፤ በግርድፉ ሁለት ቀን እንበለው። ሰውየው የመጨረሻዋን ክኒን ከዋጠ በሁለተኛው ቀን ግማሹ ሰውነቱ ውስጥ አለ። በአራተኛው ቀን ሩቡ፣ በስድስተኛው ቀን ስምንት አንደኛው ይቀራል። መድኃኒቱ አለቀ ለማለት የሚቻለው አንድ ሳምንት አልፎ ነው። ግፊቱም የሚመለሰው በዚሁ ልክ፣ ሳይታወቅ፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

ሰውየው ጥንቁቅ ስለሆነ ባቆመ በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ካለው ፋርማሲ ገብቶ ተለካ። 126/80። «አላልኩም?» አለ በልቡ። በስድስተኛው ቀን ሲለካ 134/84 ሆነ፤ ትንሽ ከፍ ቢልም አሁንም ከ140 በታች ነው፤ ዳገት ወጥቶ ስለመጣ ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ መለካቱንም ተወው። ራሱን አላመመውም፣ አላዞረውም፣ እንዲያውም ክኒኑ ያመጣበት የነበረው የእግር እብጠት ጎደለለት። ከመድኃኒት ወጥቶ ጤነኛ መሆኑን በገዛ ክንዱ ላይ በተለካ ቁጥር አረጋገጠ። ያረጋገጠለት ግን የጤናው ቁጥር አልነበረም፤ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ቁጥር ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። ባለቤቱ ስትጎተጉተው እንደገና ጤና ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። 166/100።

ከዘጠኝ ወር በፊት ወደነበረበት ተመልሷል ማለት ይቻላል። አሁንም ምንም አያመውም። የደም ግፊት አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው። ወባ ሲመለስ ያንቀጠቅጣል፣ ጨጓራ ሲነሳ ያቃጥላል፤ ግፊት ሲመለስ ግን ድምፅ የለውም። ብዙ ሰው «ግፊቴ ሲነሳ ማጅራቴን ይይዘኛል፣ ራሴን ይመታኛል፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ» ይላል። ግፊታቸው 170 እና 180 ደርሶ ምንም የማይሰማቸው ሰዎች በየቀኑ በጤና ተቋማት ይገኛሉ፤ ራሳቸውን እያመማቸው ግፊታቸው ልክ የሆነም እንዲሁ። በስሜት መለካት አይቻልም።

ግፊቱ ለምን ተመለሰ? መልሱ ግፊቱ መጀመሪያ ላይ ለምን ከፍ አለ ከሚለው ይጀምራል። የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑት ላይ አንድ ተለይቶ የሚነቀል መንስኤ አይገኝም። ብዙ ነገር ተደራርቦ የሚያመጣው ነው። ከቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ትልልቆቹ የደም ሥሮች እንደ ድሮው አይለጠጡም፤ ይደድራሉ። ኩላሊት ደግሞ ጨውና ውኃን የሚያስወጣበትን ልክ ለውጦ ይቀመጣል፤ በ120 ግፊት ያስወጣው የነበረውን ጨው አሁን ለማስወጣት 160 ይፈልጋል። ትንንሾቹ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እንደ ቀለበት የተጠመጠሙ ጡንቻዎች አሉ፤ እነሱም ከሚገባው በላይ ተጨምድደው ይውላሉ፣ የደሙን መንገድ ያጠብባሉ።

አምሎዲፒን የሚደርሰው ወደ እነዚህ ጡንቻዎች ነው። ጡንቻው የሚጨመደደው ካልሲየም ወደ ሴሉ ሲገባ ስለሆነ መድኃኒቱ ያንን መግቢያ ያጠብበዋል፤ ጡንቻው ይላላል፣ የደም ሥሩ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ሃይድሮክሎሮቲያዛይድ የተባለው በሌላ በኩል ኩላሊትን ጨው እንዲያስወጣ ያግዛል። ኢናላፕሪል ደግሞ የደም ሥርን የሚያጠብ አንድ ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ እንዳይሠራ ያደርጋል። ሦስቱም ሥራቸውን የሚሠሩት ሰውነት ውስጥ እስካሉ ድረስ ነው። የተወረሰውን ዝንባሌ አይፍቁም፤ የደደረውን የደም ሥር ወደ ሃያ ዓመት ወጣት አይመልሱም፤ የኩላሊቱን ልክ ለዘለቄታው አያስተካክሉም።

ዘመም ያለች ጎጆ ድጋፍ እንጨት ሲቆምላት ቀጥ ትላለች። ባለቤቱ ቀጥ ማለቷን አይቶ «እንግዲህ ተስተካክላለች» ብሎ ድጋፉን አይነቅልም፤ ቀጥ ያደረጋት እሱ መሆኑን ያውቃል። 124/78 የሚለው ቁጥርም ድጋፉ እንዳለ የተለካ ነው። ከአንቲባዮቲክ ጋር የሚያምታታውም ይኸው ነው። ለሳንባ ምች ሰባት ቀን መድኃኒት ተወስዶ ጀርሙ ሲሞት ሕክምናው ያልቃል፤ ሰው ስለ መድኃኒት ያለው ልምድ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ስለሆነ ለግፊትም ያንኑ ይጠብቃል። ግፊት ላይ የሚሞት ጀርም የለም።

ይህ በግምት ብቻ የቀረ ጉዳይ አይደለም፤ ሰው ላይ ተሞክሯል። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ውስጥ በዶክተር ኤድዋርድ ፍሪስ የሚመራ ቡድን ነበር። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ጥናት ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ እውነተኛ መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ተሰጣቸው። ባዶውን ክኒን ከወሰዱት መካከል 27ቱ ላይ ከባድ አደጋ ደረሰ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት ግን 2 ላይ ብቻ። ያኔ ብዙ ሐኪሞች ግፊትን ማውረድ ጥቅሙ አጠራጣሪ ነው ይሉ ስለነበር ውጤቱ አስደነገጣቸው።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው ሌላ ጥናት ነው። ጥያቄው ሰውየው ነርሷን የጠየቃት ጥያቄ ነበር፤ ግፊት በመድኃኒት ለረጅም ጊዜ ልክ ሆኖ ከቆየ ያለ መድኃኒት ይቆያል ወይ? ግፊታቸው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በደንብ ተቆጣጥሮ ከቆየላቸው ሰዎች መካከል 60ዎቹ ሳያውቁት ወደ ባዶ ክኒን ተዛወሩ፤ 26ቱ ደግሞ መድኃኒታቸውን ቀጠሉ። እስከ 18 ወር ተከታተሏቸው። በመጨረሻ ያለ መድኃኒት ግፊታቸው ዝቅ ብሎ የቆየው ከመቶ 15 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ የሌሎቹ ተመልሷል። እነዚያ ጥቂቶቹም በአብዛኛው ከመጀመሪያው፣ መድኃኒት ሳይጀምሩ በፊት፣ ግፊታቸው ያን ያህል ያልከፋ ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ ጥናት ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ጊዜው ነው። የሁሉም ግፊት በአንድ ሳምንት አልተመለሰም። አንዳንዱ በሳምንታት፣ አንዳንዱ በወራት፣ አንዳንዱ ዓመት አልፎ ተመልሷል። ስለዚህ «ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ፣ ይኸው ደህና ነኝ» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሦስት ወር ማስረጃ ለመሆን አጭር ነው። መለካቱን የተወ ሰው ደግሞ የተመለሰበትን ቀን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ታዲያ ግፊቱ ቢመለስስ ምን ይሆናል? በዚያው ሳምንት ምናልባት ምንም። ከፍ ያለ ግፊት የሚጎዳው በዓመታት ነው። ልብ በጠበበ መንገድ ደም ለመግፋት ስትታገል ግድግዳዋ ይወፍራል፣ ቆይታ ደግሞ ትደክማለች። የኩላሊት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጠባሳሉ። የአንጎል ትንንሽ የደም ሥሮች ይሳሳሉ ወይም ይደፈናሉ፤ አንድ ቀን አንዱ ሲፈነዳ ወይም ሲዘጋ ሰው በአንድ ጎኑ ይወድቃል፣ አንደበቱ ይያያዛል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በስትሮክ ተይዘው ከሚገቡ ሰዎች ጀርባ በብዛት የሚገኘው ምክንያት የደም ግፊት ነው። በሌላ በኩል፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው የላይኛው ቁጥር በ10 ሲወርድ የስትሮክ አደጋ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሰውየው ከ168 ወደ 124 ወርዶ ነበር። ክኒኑን ሲተው የጣለው ይህን ጥበቃ ነው፤ በአይን ስለማይታይ እንደጣለ አልታወቀውም።

ሰዎች ክኒናቸውን የሚተዉት ቁጥሩን አይተው ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ሰበብ ይሆናል፤ ከሥሩ ፍርሃት አለ። ፍርሃቱን ማናናቅ አይገባም።

አንደኛው «ከተጀመረ አይለቅም፣ ሰውነት ይለምደዋል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ጎረቤታቸው ክኒን ጀመረ፣ ሲያቆም ግፊቱ ወጣ። ግፊቱ የወጣው ግን ክኒኑን ስለለመደ አይደለም። ክኒኑ ከመጀመሩም በፊት እዚያው ነበር። ሰውየው መድኃኒቱን ሳያውቀው 168 ነበር፤ ሲያቆመውም 166 ሆነ። መድኃኒቱ አዲስ በሽታ አልጨመረበትም፤ የያዘውን ለቀቀ እንጂ።

ሁለተኛው «ኩላሊት ይጎዳል» የሚለው ነው። ይህ ስጋት ብዙ ቤተሰብ ውስጥ የገባበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የግፊት መድኃኒት ይወስድ የነበረ ሰው ኩላሊቱ ደክሞ ሲታጠብ አይተዋል። ኩላሊቱን ያደከመው ግን በአብዛኛው ለዓመታት ሳይታከም ወይም እየተቋረጠ የታከመው ግፊት ነው። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች ሲጀመሩ ሐኪሙ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ማዘዙ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ያ ምርመራ እየተደረገ መድኃኒቱ ኩላሊትን ከሚጠብቁት ውስጥ ይቆጠራል። በአንጻሩ ለወገብና ለጉልበት ሕመም እንደ ቀላል ነገር ከፋርማሲ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። የግፊት ክኒኑን ፈርቶ ትቶ ዳይክሎፌናክ በየቀኑ የሚውጥ ሰው ማየት ያሳዝናል።

ሦስተኛው እውነተኛ ችግር ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳት። አምሎዲፒን፣ በተለይ በ10 ሚሊግራም፣ የእግር ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ሰውየው ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ የላስቲኩ ምልክት ጠልቆ ይታየው ነበር፤ ለነርሷ ግን አልነገራትም። ኢናላፕሪል ደግሞ አንዳንዱን ሰው ደረቅ፣ የሚያሰለች ሳል ያስለዋል። ሃይድሮክሎሮቲያዛይድ ሽንት ያበዛል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ወይም ረጅም መንገድ ላይ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እነዚህ ሁሉ መውጫ አላቸው። እብጠት ላስቸገረው መጠኑ ተቀንሶ ሌላ ይጨመርለታል፤ ሳል የያዘው ወደ ሌላ ዓይነት ይቀየርለታል፤ ሽንት የሚያበዛው ጠዋት ይወሰዳል። ሐኪሙ መቀየር የሚችለው ግን የተነገረውን ነው። ክኒኑን በዝምታ የተወ ሰው ቀጠሮ ላይ 166 ሲለካና «እየወሰድኩ ነው» ሲል ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይደመድማል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ክኒን ይጨምራል። ከዚያ በሽተኛው አንድ ቀን ሁሉንም አንድ ላይ ሲውጥ ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። «አቁሜው ነበር» ማለት የሚያሳፍር ነገር መሆን የለበትም፤ ጠያቂውም ቁጣውን ትቶ እንዲህ ቢጠይቅ ይሻላል፦ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?»

በድንገት ሲቆሙ ከአምሎዲፒን ይልቅ የሚያስፈሩ መድኃኒቶችም አሉ። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የልብን ምት የሚያረጋጉ ናቸው። ለወራት ሲወሰዱ ልብ ለአድሬናሊን ያላት ስሜት ከፍ ብሎ ይጠብቃል፤ መድኃኒቱ በአንድ ቀን ሲጠፋ ያ ስሜት ያለ መከላከያ ይቀራል። ልብ ትመታለች፣ ግፊት ይወጣል፤ የልብ ደም ሥር ጥበት ባለበት ሰው ላይ የደረት ሕመም፣ አልፎም የልብ ድካምና ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም እነዚህን ማቆም ሲፈልግ እንኳ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። ክሎኒዲን የተባለው ደግሞ ከዚህም ይፈጥናል፤ ባቆሙት በአንድ ሁለት ቀን ግፊቱ ከቀድሞው አልፎ ሊዘል ይችላል። የሚወስደው ክኒን ስሙ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው፣ መተው ቢያስብም ባያስብም፣ ሳጥኑን ይዞ ሄዶ ፋርማሲስቱን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን «ማንም በፍጹም አያቆምም» ማለት አይደለም። «በአብዛኛው የዕድሜ ልክ ነው» የሚለው አባባል ውስጥ «በአብዛኛው» የምትለው ቃል ቦታ አላት። በእርግዝና ጊዜ የመጣ ግፊት ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ይወርዳል። ተለይቶ የሚታወቅ መንስኤ የተገኘባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ከኩላሊት በላይ ባለችው ዕጢ ላይ የበቀለ እብጠት፣ የጠበበ የኩላሊት ደም ሥር፣ የእንቅርት ሕመም፣ ወይም የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት። መንስኤው ሲታከም ግፊቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ከእነዚህ ውጭ ደግሞ ኑሮውን በእርግጥ የለወጠ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያውያን በቀን በአማካይ 8 ግራም ያህል ጨው እንደሚወስዱ ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያነሰ ነው። ከወጡም፣ ከበርበሬውም፣ ከቆሎውም የሚመጣውን ቀንሶ፣ ትርፍ ክብደቱን አውርዶ፣ መጠጡን ትቶ፣ በየቀኑ የሚራመድ ሰው ግፊቱ መውረዱ የተረጋገጠ ነው። መጀመሪያም ግፊቱ ቀለል ያለና በአንድ ዓይነት ክኒን ብቻ የተያዘ ከሆነ ሐኪሙ መጠኑን ለመቀነስ ሊስማማ ይችላል። ነገሩ ግን የሚደረገው እንደ ሙከራ ነው። መጠኑ በግማሽ ይወርዳል፤ ሰውየው ቤቱ ወይም ፋርማሲ በየሳምንቱ እየተለካ ይጽፋል፤ ቁጥሩ ለወራት ከተያዘ ሌላ ደረጃ ይኬዳል፤ ከወጣ ያለ ቁጭት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ክኒኑን ጨርሶ ያቆመም ቢሆን መለካቱን አያቆምም። ከሰውየው ድርጊት የሚለየው ይህ ነው፤ እሱ ክኒኑንም መለካቱንም አንድ ላይ ነው የተዋቸው። ሺፈራው ቅጠል ወይም ነጭ ሽንኩርት የሚጠቀምም ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ቢነግር መልካም ነው፤ ከክኒኑ ጋር ቢጠቀምበት አንድ ነገር ነው፣ በክኒኑ ፋንታ ካደረገው ግን መለኪያው የሚለውን መስማት አለበት።

ቁጥሩ ራሱ ሊያሳስት የሚችልባቸው መንገዶችም አሉ። ቡና እየጠጣ ከነበረበት ተነስቶ የተለካ፣ ደረጃ ወጥቶ ሳያርፍ የተለካ፣ ሽንቱን ይዞ የተለካ፣ ክንዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የተለካ ሰው ከትክክለኛው ከፍ ያለ ቁጥር ያገኛል። ለሚወፍር ክንድ ጠባብ ጨርቅም እንዲሁ ያደርጋል። ትክክለኛው አለካክ አምስት ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ክንዱን በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ ሳያወሩ መለካት ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይደገማል። የአንድ ቀን 150 አያስደነግጥም፣ የአንድ ቀን 118ም ክኒን ለመተው አይበቃም፤ የሳምንት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ነው ነገሩ የሚታየው። ሲነሱ የሚያዞር ከሆነ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ፣ መጠኑ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪም መንገር ይገባል። ቁጥሩ ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የዓይን መጋረድ፣ የፊት መጣመም፣ የአንደበት መያዝ ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ካለበት ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ነርሷ 166/100 ስትጽፍ አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ ክኒኑን ካቆሙት ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለችው። ትንሽ ዝም ብሎ ነገራት፤ ስለ እግሩ እብጠትም ነገራት። አንድ ሌላም ነገር ጨመረ። ክኒኑን የሚወስደው ጠዋት በቁርስ ነበር፤ ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ስለማይቀምስ መድኃኒቱ መጀመሪያ የተዘለለው ያኔ ነው። መዝለል ወደ መተው የተሸጋገረው ቀስ በቀስ ነው።

መፍትሔው ከሰዓት ለውጥ ጀመረ። በብሪታንያ ከ21,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት የግፊት ክኒንን ጠዋት መውሰድም ሆነ ማታ መውሰድ ልብንና አንጎልን በመጠበቅ በኩል ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። ዋናው ሰዓቱ በየቀኑ ተመሳሳይ መሆኑ ነው። አምሎዲፒን ምግብ ኖረም አልኖረም ይወሰዳል። ስለዚህ ማታ፣ ከራት በኋላ ሆነ፤ ጾምም ሆነ ፍስክ አይነካውም። ሐኪሙ ደግሞ 10ሩን ወደ 5 መልሶ ትንሽ መጠን ያለው ኢናላፕሪል ጨመረለት፤ የኩላሊት ምርመራም አዘዘ። አንድ ቀን ቢረሳ በዚያው ምሽት ካስታወሰ እንዲወስድ፣ በማግስቱ ከሆነ ግን ሁለት ቀን ያለውን ደርቦ እንዳይውጥ ነገሩት።

አሁን ክኒኖቹ ራዲዮው አጠገብ፣ የምሽቱን ዜና ሲከፍት እጁ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ ከክኒኑ ማሸጊያ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የቀኖቹን ስም ጽፋለታለች፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። የተወሰደው ቀን ባዶ ስለሚሆን መውሰዱን ሲጠራጠር አገላብጦ ያያል። በሦስተኛው ወር ቀጠሮው 128/80 ተለካ። ነርሷ ካርዱን ሞልታ ሳትጨርስ «የሚቀጥለውን ወር ጻፊልኝ፤ ዛሬውኑ ከፋርማሲ አወጣዋለሁ» አላት።